ቦርሳውን ማሽኑ አይሣለው፦ በኤአይ የሚሠራ የምርት ምስል የሌለ ነገር እንዳይናገር

አንዲት ደንበኛ የገዛችውን የትከሻ ቦርሳ መለሰች። ምክንያቷ አጭር ነበር፤ «ላፕቶፔ አልገባም»። ሻጩ ገረመው። ማስታወቂያው ላይ ላፕቶፕ ይይዛል የሚል ቃል የለም። ልኩም በሴንቲሜትር ተጽፏል። እኔ ግን ምስሉን የሠራሁት ራሴ ስለሆንኩ ወዲያው ገባኝ። ቦርሳውን በኤአይ በተሠራ ክፍል ውስጥ፣ ወንበር ላይ አስቀምጬው ነበር። ከወንበሩ ጋር ሲተያይ ከእውነተኛው ልኩ ገዝፏል። አጠገቡ ያለው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ማሽኑ በራሱ ፈቃድ የተዘጋ ላፕቶፕ ጨምሯል። ጽሑፉ እውነት ነበር፤ ምስሉ ግን ዋሽቷል። ገዢዋ ያመነችው ምስሉን ነው።

ያንን ቦርሳ እንደገና ሠራሁት። ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁለተኛው ጊዜ ላይ የሄድኩበትን መንገድ ነው። ምሳሌው ቦርሳ ይሁን እንጂ መብራት፣ ወንበር ወይም ጫማ ለሚያሳይ ሰውም መንገዱ ያው ነው። ማሽኑ የዕቃውን ዙሪያ ይሥራ፤ ዕቃውን ግን አይንካ።

መጀመሪያ ዕቃውን በእጅ ይዞ መጻፍ

ምንም ምስል ከመሠራቱ በፊት ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና አንድ ገጽ ጻፉ። ከአቅራቢው የመጣውን ዝርዝር አትገልብጡ፤ ሜትር ይዛችሁ ራሳችሁ ለኩ። የእኔ ገጽ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦ የውጭ ስፋት 31 ሴንቲሜትር፣ ቁመት 23፣ ውፍረት 9። የውስጥ ስፋት 29። ጨርቁ ወፍራም የጥጥ ሸራ፣ ቀለሙ ወደ አሸዋ የሚያደላ ግራጫ። የክዳኑ ጠርዝ ሰው ሠራሽ ቆዳ። ፊት ለፊት ሁለት ዘለበቶች አሉ፤ ብረት ናቸው፣ የናስ ቀለም ተቀብተዋል፣ አይፈቱም። ቦርሳው የሚዘጋው ከሥራቸው በተደበቀ ማግኔት ነው። ውስጡ አንድ ባለ ዚፕ ኪስ አለ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። ከዚህ የሚበልጠው ግን የገጹ ሁለተኛ ክፍል ነው፦ ዕቃው የሌለው ነገር። የውጭ ኪስ የለውም። ላፕቶፕ የሚጠብቅ ስፖንጅ የለውም። ውኃ ይገባዋል። እውነተኛ ቆዳ የለውም። ከታች እግር የለውም። ይህ ዝርዝር ለምን እንደሚያስፈልግ ምስሉ ሲመጣ ይገባችኋል። ምስል የሚፈጥሩት ማሽኖች የእናንተን ቦርሳ አያውቁም፤ የሚያውቁት በሚሊዮን የሚቆጠሩ የቦርሳ ምስሎችን ነው። ብዙ የሸራ ቦርሳዎች የውጭ ኪስ ካላቸው፣ ለእናንተም ኪስ ይሰጧችኋል። የሚጨምሩት ነገር ሁልጊዜ የተለመደ፣ ለዓይን የሚስማማ ነገር ነው። ስለዚህ ስታዩት አያስደነግጣችሁም። «የለም» የሚለው ዝርዝር ከሌላችሁ ኪሱን ቆጥራችሁ «እሺ» ብላችሁ ታልፋላችሁ።

የውስጥ ልኩን አትርሱ። 13 ኢንች የሚባል ላፕቶፕ በአብዛኛው ወደ 30 ሴንቲሜትር ስፋት አለው። በውጭው 31 ልክ የሚገባ ይመስላል። ውስጡ 29 ነው፤ አይገባም። ደንበኛዋን ያጋጠማት በትክክል ይህ ነው።

እውነተኛ ፎቶ ማንሳት

የምስሉ መነሻ እውነተኛ ፎቶ መሆን አለበት። በጽሑፍ ገልጾ «ግራጫ የሸራ ቦርሳ ሥራልኝ» ማለት ገና ከመጀመሪያው ሌላ ቦርሳ ማዘዝ ነው።

ስልክ ይበቃል። ግን አትጠጉ። ሰፊ ሌንስ ባለው ስልክ ከቅርብ ስታነሱ ወደ እናንተ የቀረበው ክፍል ያብጣል፣ ጎኑ ይሸሻል። ሁለት ሜትር ያህል ራቁና በሁለት እጥፍ ሌንስ አንሱ። ቦርሳው ባዶ ሆኖ እንዳይሟሽሽ ወረቀት መሙላት ይቻላል፤ ነገር ግን ከሞላችሁት በኋላ ውፍረቱን ለኩ። 9 ሴንቲሜትር የሆነው ቦርሳ 13 እስኪሆን ከተነፈሰ ፎቶው እውነተኛ ቢሆንም ነገሩ ውሸት ሆኗል። ብርሃኑ ከአንድ ወገን በሚመጣ የመስኮት ብርሃን ይሁን፤ የሸራው ሽመና የሚታየው ያኔ ነው። አንዱን ፎቶ ግራጫ ካርድና ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ አንሱ። ያ ፎቶ አይለጠፍም። በኋላ ስለ ቀለምና ስለ ልክ ጥርጣሬ ሲመጣ የምትዳኙበት ነው።

አሁንኑ የካሜራውን ከፍታና ብርሃኑ የመጣበትን ወገን በገጹ ላይ ጻፉ። ማሽኑን ጀርባ ስታዝዙት ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው የምትጠይቁት። ከግራ በበራ ቦርሳ ላይ ከቀኝ የሚበራ ክፍል ካመጣችሁ፣ ለማስታረቅ ስትሉ ቦርሳውን መነካካት ትጀምራላችሁ።

ቆርጦ ማውጣት፣ ጀርባውን ብቻ ማሠራት

ቦርሳውን ከፎቶው ላይ በጥንቃቄ ቁረጡት። የተቆረጠበት ቅርጽ ማስክ ይባላል፤ ቦርሳው ነጭ፣ ሌላው ጥቁር የሆነ ምስል ነው። ከዚያ መሣሪያውን ጥቁሩን ቦታ ብቻ እንዲሞላ እዘዙት።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች «ዕቃውን አልነካም» ቢሉም ይነኩታል። ለምሳሌ ስቴብል ዲፊዩዥን የሚባለው ዓይነት ሞዴል የሚሠራው በፒክስሎቹ ላይ ሳይሆን በታመቀ የምስሉ ቅጂ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጎን በስምንት እጥፍ ያንሳል። የቦርሳው ስፌት ሦስት ፒክስል ብቻ ከሆነ በታመቀው ቅጂ ውስጥ የራሱ ቦታ እንኳ አይኖረውም። ምስሉ ተመልሶ ሲዘረጋ ስፌቱ በግምት ይሣላል። ከሩቅ ሲታይ ያው ቦርሳ ነው። ቀረብ ሲሉ ግን የስፌቱ ቁጥር ተቀይሯል፣ ዘለበቱ ላይ ቀዳዳ ተጨምሯል፣ በጨርቁ ላይ ያለው ጽሑፍ ፊደል የሚመስል ጭረት ሆኗል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ማሽኑ ሲጨርስ እውነተኛውን ቦርሳ በላዩ ላይ መልሳችሁ አስቀምጡ። ፎቶ ማረሚያ ያለው ሰው በሁለት ንብርብር ይሠራዋል። ብዙ ምስል ላለው ሰው ግን ይህ አጭር የፓይተን ኮድ ይበቃል። ሦስቱም ምስሎች እኩል መጠን ይኑራቸው፤ ቦርሳውም ከቦታው ያልተንቀሳቀሰ ይሁን፦

```python
from PIL import Image, ImageChops

real = Image.open("bag.png").convert("RGB")
scene = Image.open("scene.png").convert("RGB")
mask = Image.open("mask.png").convert("L")

Image.composite(real, scene, mask).save("final.png")

black = Image.new("RGB", real.size)
diff = ImageChops.difference(real, scene)
diff = Image.composite(diff, black, mask)
diff.point(lambda v: min(255, v * 8)).save("diff.png")
```

`bag.png` የእናንተ ፎቶ ነው፤ `scene.png` ማሽኑ የመለሰው። `final.png` ላይ የቦርሳው እያንዳንዱ ፒክስል ከፎቶው የመጣ ይሆናል። `diff.png` ደግሞ ማሽኑ ቦርሳው ውስጥ ምን እንደቀየረ ያሳያል፤ ጥቁር ከሆነ አልነካውም፣ የበራ ቦታ ካለ ነክቶታል። ልዩነቱ በስምንት ተባዝቶ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ትንሽ ለውጥም ጎልቶ ይታያል። መላው ቦርሳ ላይ የተበተነ ደብዛዛ ነጠብጣብ ከማመቁ የመጣ ነው። ቅርጽ ያለው ብርሃን፣ ለምሳሌ የኪስ አፍ የሚመስል መስመር ካያችሁ ግን ማሽኑ ፈጥሯል ማለት ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ ስሞክረው ሁለቱ ዘለበቶች እንደ መብራት በሩ። ማሽኑ የማይፈታውን ዘለበት የሚፈታ አድርጎት ነበር፤ ምላስና ቀዳዳ ሰጥቶታል።

ምስሉን «አጥራ» ወይም «አሳድግ» የሚሉ ቁልፎችም እንዲሁ ይፈጥራሉ። ሸራው ላይ የሌለ ሽመና፣ ሰው ሠራሹ ቆዳ ላይ የእውነተኛ ቆዳ ቀዳዳዎች ያወጣሉ። ዕቃው ላይ አትጠቀሙባቸው። ምስሉ ካነሰ ፎቶውን ድገሙት።

ልኩን በሒሳብ መያዝ

ቦርሳው አሁን እውነተኛ ነው። ግን ብቻውን ልክ የለውም፤ ልኩን የሚሰጠው አጠገቡ ያለው ነገር ነው። ማሽኑ ስለ ሴንቲሜትር አያውቅም። «31 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው» ብላችሁ ብትጽፉ ቃሉን ይቀበላል እንጂ አይለካም።

ስለዚህ እናንተ ለኩ። በምስሉ ውስጥ ልኩ የሚታወቅ ነገር ፈልጉ፤ ከቦርሳው ጋር እኩል ርቀት ላይ ያለ መሆን አለበት። የእኔ ምስል ላይ ወንበሩ ነበር። የተለመደ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር መቀመጫው ከወለል ወደ 45 ሴንቲሜትር ይርቃል። በምስሉ ላይ ያ ርቀት 540 ፒክስል ሆነ። 540 ለ45 ሲካፈል 12 ነው፤ አንድ ሴንቲሜትር 12 ፒክስል ማለት ነው። ቦርሳው 31 ሴንቲሜትር ስለሆነ 372 ፒክስል መሆን ነበረበት። ስለካው 480 አገኘሁ። 480 ለ12 ሲካፈል 40 ሴንቲሜትር። ያለ አንዳች ክፉ ሐሳብ የ31ን ቦርሳ የ40 አድርጌ አሳይቼዋለሁ። 40 ሴንቲሜትር ቦርሳ ውስጥ ላፕቶፕ ሊገባ ይችላል፤ ደንበኛዋ የተሳሳተችው ነገር አልነበረም።

ይህ ስሌት ገደብ አለው። ወንበሩም የተፈጠረ ነው፤ እግሩ ሊረዝም፣ መቀመጫው ሊሰፋ ይችላል። ገዢው ግን ወንበሩን የሚያነበው እንደ ተለመደ ወንበር ነው። ስለዚህ ወንበሩ ራሱ ከበሩና ከጠረጴዛው ጋር የማይመጣጠን ከሆነ ያንን ጀርባ ጣሉት። ለማስተካከል መድከም አያዋጣም።

ከሁሉ የሚሻለው መለኪያውንም እውነተኛ ማድረግ ነው። ቦርሳውን ስታነሱ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር አብራችሁ አንሱ፤ አንድ መጽሐፍ ወይም 29.7 በ21 ሴንቲሜትር የሆነ ኤ4 ወረቀት። ሁለቱንም አንድ ላይ ቆርጣችሁ ጀርባው ላይ አስቀምጡ። ያኔ ጀርባው ቢሳሳት እንኳ ልኩን የሚናገር አንድ እውነተኛ ነገር አጠገቡ አለ።

ሰው ትከሻ ላይ የተንጠለጠለ ቦርሳ ከሆነ የእኔ አቋም ግትር ነው፦ አታሠሩት፤ አንሱት። የተፈጠረ ሰው ትከሻው፣ ክንዱ፣ ወገቡ በየጊዜው ይለያያል። ማንገቻው የት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም። እውነተኛ ሰው አንጠልጥሎት ይነሣ፤ ቁመቱም ከሥር ይጻፍ።

ቀለሙና ወለሉ

እዚህ ላይ ስህተቱ በጣም ስለሚያምር ይከብዳል። ጀርባው የጀንበር መጥለቂያ ከሆነ ግራጫው ሸራ የማር ቀለም እንዲይዝ እጃችሁ ይበላችኋል፤ አለበለዚያ ቦርሳው የተለጠፈ ይመስላል። መሣሪያዎቹም ብርሃኑን የሚያስማማ ቁልፍ አላቸው። ቁልፉ ሲነካ ግራጫው ወርቃማ ይሆናል፣ ቀለም የተቀባው ብረት እንደ እውነተኛ ናስ ያንጸባርቃል፣ ሰው ሠራሹ ቆዳ ዓመታት የለሰለሰ ቆዳ ይመስላል። አንድም ነገር አልተጨመረም። ግን ሦስቱም ነገሮች ሌላ ዕቃ ሆነዋል።

እኔ የማደርገው ጀርባውን ለቦርሳው ማስማማት ነው እንጂ ቦርሳውን ለጀርባው አይደለም። ፎቶው በመስኮት ብርሃን ከግራ የተነሣ ስለሆነ፣ ከግራ የሚመጣ ለስላሳ የቀን ብርሃን ያለው ክፍል አዛለሁ። መጨመር የምፈቅደው ቦርሳው ሥር የሚወድቀውን ጥላ ብቻ ነው። እሱም ወለሉ ላይ ነው የሚሠራው፤ ጨርቁ ላይ አይደለም።

ከዚያ ማየት። ስልካችሁ ላይ የሌሊት ብርሃንና ቀለም የሚያስማማውን ቅንብር አጥፉ። እውነተኛውን ቦርሳ መስኮት ዳር አድርጉና ስልኩን አጠገቡ ያዙ። ሸራውን፣ ቆዳውንና ብረቱን ተራ በተራ አነጻጽሩ። እያንዳንዱ ስክሪን ትንሽ ስለሚለያይ ፍጹም አይገጥምም። የምትፈልጉት የቀለም ቤተሰቡ እንዳይቀየር፣ የማያብረቀርቀው አብረቅራቂ እንዳይሆን ነው። ጥርጣሬ ካደረባችሁ ግራጫ ካርድ ያለበትን ፎቶ አውጥታችሁ ዳኙት።

ጀርባውም ይናገራል

እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የመላጫ ክሬም ማስታወቂያን የተመለከተ ጉዳይ ወስኗል። በቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ላይ ክሬሙ የተቀባው የብርጭቆ ወረቀት በአንድ ምላጭ ሲላጭ ይታያል። የታየው ግን የብርጭቆ ወረቀት አልነበረም፤ አሸዋ የተረጨበት ግልጽ ፕላስቲክ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ ማታለል ነው አለ። አንድ ነገር ግን ለየ። በካሜራ መብራት እንዳይቀልጥ በአይስክሬም ቦታ የተፈጨ ድንች ማሳየት ከዚህ ጋር አንድ አይደለም፤ ድንቹ የምርቱን ብቃት ለማስረዳት ካልቀረበ። ይህ ልዩነት ለእኛ ሥራ በጣም ይጠቅማል። ጀርባው ጌጥ ሆኖ እስከቆመ ድረስ ይፈጠር። ስለ ዕቃው ማስረጃ መሆን ሲጀምር ግን እውነት መሆን አለበት።

ማስረጃ የሚሆነው ደግሞ ሳናስበው ነው። ቦርሳውን ዝናብ የመታው ድንጋይ ላይ ብታስቀምጡት «ውኃ አይገባኝም» እያለ ነው። ላፕቶፕ አጠገቡ ካለ «ይገባል» ይላል። ተራራና ገመድ ካለ «ብዙ እችላለሁ» ይላል። በቆዳ ሠሪ ጠረጴዛ ላይ፣ በመርፌና በክር ተከቦ ከታየ በእጅ የተሰፋ ነው ማለቱ ነው። «የለም» የሚለውን ዝርዝር ይዛችሁ ጀርባውን ነገር በነገር ተመልከቱ። ከእያንዳንዱ ነገር ፊት ቆማችሁ «ይህ ስለ ቦርሳው ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ላፕቶፑን አወጣሁና በቦታው ሁለት ትናንሽ መጻሕፍት አስገባሁ። ሁለቱም ቦርሳው ውስጥ እንደሚገቡ በእጄ አረጋግጫለሁ።

ቦርሳውን አይቶ ለማያውቅ ሰው ማሳየት

እናንተ ዕቃውን ስለምታውቁት ምስሉን በትክክል ታነቡታላችሁ። ገዢው ግን ያለው ምስሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ቦርሳውን ነክተው የማያውቁ ሦስት ሰዎች ፈልጉ። ጽሑፉን አታሳዩአቸው። «እንዴት ነው?» ብላችሁም አትጠይቁ፤ «ያምራል» ነው የሚሏችሁ። ይህን ጠይቁ፦ ከምን የተሠራ ይመስልሃል? እንዴት ይከፈታል? ስንት ኪስ አለው? ምን ምን ይይዛል? ዝናብ ላይ ይዘሽው ትወጫለሽ? መልሱን ቃል በቃል ጻፉና ከገጻችሁ ጋር አስተያዩ።

እኔ ስጠይቅ ሦስቱም ላፕቶፕ አልጠሩም። ይህ ተስተካክሏል። ነገር ግን ሁለቱ «ዘለበቱን ፈትቼ እከፍተዋለሁ» አሉ። ምስሉ እዚህ ጋ ፍጹም እውነተኛ ነበር፤ እያንዳንዱ ፒክስል ከፎቶው የመጣ ነው። ዘለበቱ ራሱ ግን አሳሳች ነው። ይህን የትኛውም የምስል ምርመራ አያሳያችሁም። ክዳኑ ተነሥቶ ማግኔቱ የሚታይበት ሁለተኛ ፎቶ ያለ ምንም ጀርባ አንስቼ ጨመርኩ። ሥሩም «ዘለበቶቹ ለጌጥ ናቸው፤ የሚዘጋው በማግኔት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከአንድ ሰው በላይ በአንድ ነገር ላይ ከተሳሳተ ምስሉ ይታረማል። አንድ ሰው ብቻ ከሆነም «ለምን እንዲህ መሰለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። በጣቷ ምስሉ ላይ የሆነ ቦታ ካሳየች ጥፋቱ የምስሉ ነው።

ምልክት ማድረግና መጠበቅ

ከሥር «ቦርሳው እውነተኛ ፎቶ ነው፤ ክፍሉ በኤአይ የተሠራ ነው» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ፋይሉ ውስጥም ይግባ። ለፎቶ መረጃ የሚያገለግለው የአይፒቲሲ ደንብ እውነተኛ ፎቶና የተፈጠረ ምስል ለተቀላቀሉበት ሥራ የራሱ ስያሜ አለው፤ `exiftool` በሚባል ፕሮግራም እንዲህ ይጻፋል፦

```
exiftool -XMP-iptcExt:DigitalSourceType="http://cv.iptc.org/newscodes/digitalsourcetype/compositeWithTrainedAlgorithmicMedia" final.png
```

አንዳንድ መሸጫ ድረ ገጾች ምስሉን ሲያሳንሱ ይህን መረጃ ይጥሉታል። ከለጠፋችሁ በኋላ ምስሉን መልሳችሁ አውርዱና በ`exiftool` እዩት። ጠፍቶ ከሆነ ከሥር ያለው ጽሑፍ ብቻውን ሥራውን ይሠራል። «ምስሉ ለማሳያ ብቻ ነው» የሚለው ቃል ግን የተሳሳተ ልክን ወይም የሌለ ኪስን አያድንም። ያ ቃል ስለ ጀርባው ነው እንጂ ስለ ዕቃው ሊሆን አይችልም።

ገጹ ላይ ቀንና የዕቃውን ዙር ጻፉ። አዲስ ዙር ሲመጣ አንዱን አውጥታችሁ እንደገና ለኩ። የእኛ ቦርሳ ሦስተኛ ዙር ሲመጣ ዘለበቱ ከናስ ቀለም ወደ ብርማ ተቀይሮ ነበር። ቀለሙን ምስሉ ላይ መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እኛ ግን የድሮውን ምስል አወረድን፤ ፎቶው እስኪደገም ለሁለት ቀን ዕቃው ያለ ጀርባ፣ በነጭ ወረቀት ላይ ተነሥቶ ቆየ።